ዘጠኝ ተኩል ካሬ

ሸዋረገጥ የሳሎኗን ፎቶ አንስታ ሰው እንዲመክራት ቴሌግራም ላይ በላከች በሃያ ደቂቃ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ነፍስ ይማር አላት።

የጠየቀችው ምክር ነበር። «ቤታችን ጅማ» የሚባል ቡድን አለ፤ ሰው የሳሎኑን ፎቶ እየላከ ሶፋው የት ይሁን፣ መጋረጃው ምን ይሁን የሚባባልበት። ከፎቶው ሥር «ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ትልልቅ እንግዶች ይመጡብኛል፣ ይህን ቤት እንዴት ላድርገው?» ብላ አስተካክላ ጽፋለች። የእኛ ሰው ግን ፎቶ ካየ ጽሑፍ አያነብም። ፎቶው ላይ ደግሞ የሚታየው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የጎልማሳ ምስል፣ በምስሉ ጥግ ጥቁር ጥብጣብ፣ ከምስሉ ሥር ነጭ አንሶላ የለበሱ የተጠጋጉ ሶፋዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ፎቶ ሲመጣለት የአበሻ ጣት ማንንም ሳያማክር የሚጽፈውን ያውቃል። አንዷ በስንት ዓመታቸው እንዳረፉ ጠየቀች። አንዱ «ኢና ሊላሂ» ብሎ ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀ። አንድ የሸዋረገጥን ከተማ ሊሙ ገነትን የሚያውቅ ሰው ደግሞ «ጋሽ ኤልያስ ሞቱ እንዴ?» ብሎ እንደ አዲስ ደነገጠ። የሸዋረገጥ ባል ጋሽ ኤልያስ ከሞተ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል።

በግማሽ ሰዓቱ ፎቶው ጠፋ። በቦታው የሐዘን ማስታወቂያ በዚህ ቡድን እንደማይፈቀድ፣ ፎቶው እንደተሰረዘ፣ እሷም ለሰባት ቀን ፎቶ መላክ እንደማትችል የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ መጣ። ሸዋረገጥ ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የጀመረችውን የደብዳቤ ምዝገባ ቀጠለች። በወረዳው አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር፤ ወይም ይስቅ ነበር። እሷ ግን ምንም አልተሰማትም። ይህም አዲስ ነገር አልነበረም። ከሰልስቱ ጀምሮ እንደዚሁ ናት፤ ሰው ሲስቅ የሚስቀውን ታያለች፣ ሲያለቅስ የሚያለቅሰውን ታያለች፣ ተራው ወደ እሷ ሲደርስ ያልፋታል።

የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል። እሱንም ቢሆን በልቧ ሳይሆን በጭንቅላቷ ነው የምትፈራው።

አንድ ልጅ አለቻት፤ ዮርዲ። ጅማ ኮሌጅ ታስተምራለች። የአጋሮ ልጅ የሆነ ገመቹ የሚባል የሥራ ባልደረባዋ ሊያገባት ፈልጎ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ቀኑ ተቆርጧል፤ ቤቱ ግን አልተቆረጠም። ባለፈው እሁድ ዮርዲ ደውላ፣ «እማዬ፣ ለምን ትለፊያለሽ? ጋሽ ከፈለ ቤት ይሁን፤ ሰፊ ነው» አለቻት። ከፈለ የኤልያስ ታላቅ ወንድም ነው። ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ግቢው ሰፊ የሆነ፣ ሳሎኑ በየዓመቱ ቀለም የሚቀባ ሰው ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። አባት በሞተበት ቤት አጎት ቢወክል ማንም አያማም።

ሸዋረገጥ ግን ያን ጊዜ አንድ ነገር ታያት። ሽማግሌው ከፈለ ቤት ከሄደ ቀጠሮውም እዚያ ይሆናል። ቀጠሮው እዚያ ከሆነ ጥሎሹም እዚያ፣ ሠርጉም እዚያ፣ መልሱም እዚያ። የልጅ ልጅ ሲመጣም አያቱ ቤት ማለት ጅማ ይሆናል። የሊሙ ገነቱ ቤት ደግሞ አንዲት ሴት የምታድርበት ቤት ሆኖ ይቀራል። እናም «የአባትሽ ቤት እዚህ ነው፣ እዚሁ ይምጡ» አለች። ዮርዲ ለገመቹ ቤተሰብ ቦታውን የምትነግረው በሚመጣው እሁድ እንደሆነ፣ እስከዚያ ቤቱ ከተስተካከለ ደስ እንደሚላት ነገረቻት። ካልተስተካከለ የሚለውን አልጨረሰችውም፤ የሚጨረስም አልነበረም። ቤቱ የለቅሶ ቤት እንደመሰለ ነውና።

በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጠራ፤ መልእክት ነው። ፎቶውን የሰረዘችው የቡድኑ አስተዳዳሪ ናርዲ ትባላለች። ከደሴ ለትምህርት ጅማ መጥታ፣ ኮሌጅ የቤት ፕላን ሥዕል ተምራ፣ የተማረችው ሥራ ሳይገኝ ሲቀር ሄርማታ ገበያ አጠገብ መጋረጃና የመጅሊስ ትራስ የምትሰፋበት ሱቅ ከፍታ የቀረች ልጅ ናት። «እህቴ፣ ይቅርታ፤ ጽሑፍሽን አሁን ነው ያነበብኩት» ብላ ጀመረች። ምስሉን ብቻ አውርደሽ፣ አንሶላውን ገፈሽ፣ ፎቶውን ደግመሽ አንሺና ለእኔ በውስጥ ላኪልኝ አለቻት።

ሸዋረገጥ ግድግዳውን አሰበች። ቤቷ አልነበረችም፤ ግን ግድግዳውን አየችው። ምስሉን ማውረድ ማለት ወንበር ላይ ወጥቶ ሁለት እጅ መዘርጋት ነው። ያን ያህል ነው። «ምስሉ አይወርድም» ብላ ጻፈች። «ቤቱንም ደግሜ አላነሳም። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው።»

ናርዲ ወዲያው አንቺታዋን ወደ እርስዎ ለወጠች። እንግዲያው በቃል ይንገሩኝ አለች። ከየገጠሩ ከተማ ስልክ እየደወለ መጋረጃ የሚያሰፋ ደንበኛ ሞልቷታልና ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግን እንደ ወሬ አይሆንም፣ ተነግሮኝ ልስለው የምችለው መሆን አለበት አለች። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለዚህም ሳይሆን አይቀርም።

ሸዋረገጥ ያን ዕለት ማታ የመጀመሪያውን ጻፈች፦ «ሳሎኑ መካከለኛ ነው። ግድግዳው ክሬም ነው። ቡናማ ሶፋ አለ፣ ሦስት ሁለት አንድ። ቡፌ አለ። መስኮት አንድ። መጋረጃው ደህና ነው።» ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራች ሴት የጻፈችው ይህን ነው። መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ «ያልተሟላ» ብላ ለባለጉዳዩ ትመልሰው ነበር።

ናርዲም መለሰችው። ሄርማታ ገበያ ውስጥ ክሬም የሚባል ጨርቅ አሥራ አንድ ዓይነት እንዳላት፣ አንዱ ወደ ቢጫ፣ አንዱ ወደ ሮዝ፣ አንዱ ወደ አመድ እንደሚሄድ ነገረቻት። የቀለም ስም ይተዉ፣ ሁለታችንም የምናውቀውን ዕቃ ይጥሩልኝ አለች። ከዚያ የሚፈለገውን ዘረዘረች። በሩ ላይ ይቁሙና በግራ ይጀምሩ፤ ግድግዳ በግድግዳ ዙረው በሩ ላይ ይመለሱ። የእያንዳንዱን ግድግዳ ርዝመት በሜትር፣ እሱን ተጠግቶ ያለውን ዕቃ ሁሉ በሜትር። በሮቹ ወደየት እንደሚከፈቱ። መስኮቱ ጠዋት ነው ከሰዓት ፀሐይ የሚያገኘው? ከወለሉ በስንት ሳንቲ ይጀምራል? ሶፋው ላይ ሲቀመጡ ከመሬት ስንት ነው? ጨርቁ ያበራል ወይስ ብርሃን ይውጣል? አበባ ካለው አበባው የጥፍር ያህል ነው የእጅ መዳፍ? የማይነካ ዕቃ የትኛው ነው፣ የሚነቃነቀውስ? ስንት ሰው ይቀመጣል? በመጨረሻም ወደ ቤቱ ሲገቡ መጀመሪያ ዓይንዎ የሚያርፈው የት ነው?

ሸዋረገጥ ጎረቤቷን ከድጃን ሜትር ለመነቻት። ከድጃ ልብስ ሰፊ ናት፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፣ «ማሎ፣ እባክሽ፣ እንዳይጠፋብሽ» ብቻ ብላ ሰጠቻት። ሐሙስ ከሥራ በኋላ ሸዋረገጥ በሩ ላይ ቆመች። በራሷ በር ላይ እንደ እንግዳ መቆም ደንገጥ አሰኛት። ሜትሩን ዘረጋች፣ ጻፈች፣ ዘረጋች፣ ጻፈች። ሥራው አልከበዳትም። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሥራ ልብ አያስፈልግም፤ እጅና ዓይን ብቻ ነው የሚፈልገው።

የቀለሙ ነገር ቆየባት። ኤልያስ ዕድሜውን በሙሉ የሠራው እሸት ቡና ተፈልፍሎ በሚታጠብበት ጣቢያ ነው፤ ሸዋረገጥም በየመኸሩ ምሳ ስታደርስለት በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ስታይ ነው የኖረችው። በዚያ ተለማመደች። አርብ ምሽት የላከችው ጽሑፍ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል፦

«ቤቱ አራት ሜትር በሦስት ሜትር ከስልሳ ነው። በሩ ሦስት ከስልሳው ግድግዳ ላይ ነው፤ ዘጠና ሳንቲ፣ ወደ ውስጥ ወደ ቀኝ ይከፈታል። ከበሩ በስተግራ መስኮት አለ፤ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ከወለሉ ዘጠና ሳንቲ ላይ ይጀምራል። ጠዋት ፀሐይ ይገባበታል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ቤቱ ጨለምለም ይላል። የግራው ግድግዳ አራት ሜትር ነው፤ ሦስቱም ሶፋዎች እዚያ ተደርድረዋል፣ ባለአንዱ በባለሁለቱ ላይ ተጭኗል፣ አንሶላ ለብሰዋል። ባለሦስቱ ሁለት ሜትር፣ ባለሁለቱ አንድ ሜትር ከሃምሳ፣ ባለአንዱ ዘጠና። መቀመጫቸው ከመሬት አርባ ሦስት ሳንቲ ነው። ቀለማቸው ጀንፈል ነው፣ ከነቆዳው የደረቀ ቡና፤ አሁን የተለቀመ ሳይሆን ከርሞ የጠቆረ ጀንፈል። አያበራም። ከላያቸው የባለቤቴ ምስል አለ፤ ቁመቱ ስልሳ፣ ከወለሉ ሁለት ሜትር ላይ። እሱ አይነካም። ወደ ፊት ያለው ግድግዳ ሦስት ከስልሳ ነው፤ ቡፌው አንድ ከስልሳ፣ የማድ ቤቱ በር ሰማንያ። የቀኙ ግድግዳ አራት ሜትር ነው፤ የመኝታ ቤቱ በር ሰማንያ ሳንቲ፣ ፍሪጅ ስልሳ፣ የተጠቀለሉ ፍራሾች ሰባ። የግድግዳው ቀለም ታጥቦ የደረቀ ቡና ከነገለፈቱ ያለው ቀለም ነው። መጋረጃው ያው ነው፣ ግን ዝናብ መቶት ቶሎ ያልተነሳ። የሚመጡት ሽማግሌዎች አምስት ናቸው፤ የቤቱን ሰው ጨምሮ ዘጠኝ እንሆናለን። ስገባ መጀመሪያ የማየው ምስሉን ነው።»

ናርዲ ይህን ስታነብ ካሬ ደብተሯን አወጣች። አንዱን ካሬ ሃያ ሳንቲ አድርጋ በእርሳስ መሳል ጀመረች። አራት ሜትሩ ሃያ ካሬ ሆነ፣ ሦስት ከስልሳው አሥራ ስምንት። ፊት ያለው ግድግዳ ላይ ቡፌውና በሩ ተቀምጠው ስድስት ካሬ ተረፈ፤ ባለአንዱ ሶፋ እዚያ ይገባል። የግራው አላስቸገራትም። የቀኙ ግድግዳ ላይ ስትደርስ የበሩን አራት ካሬ፣ የፍሪጁን ሦስት፣ የፍራሾቹን ሦስት ተኩል ሞላችና እርሳሷ ቆመ። ቅዳሜ ጠዋት ሥዕሉን በስልኳ አንስታ ላከችላት።

ሥዕሉ ደግ ሥዕል ነበር። ሸዋረገጥ አልጫውን ከምድጃ አውርዳ ተቀመጠችና አየችው። ቤቷ ነው፣ ከላይ የታየ፣ ጣራው የተነሳ። ከሥሩ ናርዲ እንዲህ ብላለች፦

«እትዬ ሸዋረገጥ፣ እንደዚህ አሳምሮ የነገረኝ ደንበኛ የለም። አንድ ነገር ብቻ አልሞላልኝም። የቀኙ ግድግዳ አራት ሜትር ነው ብለዋል፤ የቆጠሩልኝ ዕቃ ሁለት ሜትር ከአሥር ነው። ዘጠኝ ተኩል ካሬ ተረፈኝ። ባዶ ነው እንዳልል፣ ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ቢኖር ኖሮ ሶፋዎቹ አንዱ በሌላው ላይ አይጫኑም ነበር። አንድ ሜትር ከዘጠና ነው። እኔ የአልጋ ልብስም እሰፋለሁ፤ አንድ ከዘጠና የአልጋ ርዝመት ነው።»

ሸዋረገጥ አንገቷን ዞር አደረገች። ዞር ማለት እንኳ አላስፈለጋትም፤ የተቀመጠችው እሱ ላይ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ፎቶውን ያነሳችውም እሱ ላይ ተቀምጣ ነው፤ ስለዚህ ፎቶው ውስጥ አልገባም። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ። ሐሙስ ዕለትም ሜትሩን ከፍሪጁ እስከ ፍራሾቹ ስትጎትት አልጋውን ተሻግራ ነው የጎተተችው፤ ጉልበቷ ነክቶታል። ዋሽቼ ነው እንዳትል አልዋሸችም። ረስቼ ነው እንዳትል፣ በየቀኑ የሚተኙበትን ነገር ማን ይረሳል? ዓይኗ እዚያ ቦታ ሲደርስ መዝለል ለምዶ ነበር።

ኤልያስ ለአምስት ወር ታሞ፣ መኝታ ቤቱ ጨለማ ነው፣ የሚገባ የሚወጣውን ሰው ልይ ብሎ አልጋውን ሳሎን አስወጥቶት ነበር። የሞተውም እሱ ላይ ነው። ለቅሶ ሲሆን ሶፋው ተገፋ፣ ፍራሽ ተነጠፈ፤ አልጋውን ግን ማንም ከቦታው አላነሳውም፤ ጥቁር ለብሳ እሷ ተቀመጠችበት። ሰው ሲበተን እዚያው ጋደም አለች። በማግስቱም ጋደም አለች። ዓመት ከሁለት ወር ጋደም ብላለች። የመኝታ ቤቱ በር ተዘግቶ ነው የኖረው።

መልሱን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። የጻፈችውም አጭር ነው፦ «አልጋ ነው። ባለቤቴ የሞተበት ነው። እኔ እተኛበታለሁ።»

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ናርዲ መለሰች። ነፍስ ይማር አላለችም። ወርዱና ቁመቱ ስንት ነው ብላ ጠየቀች፤ የሚቀመጡበት ላይ ሲደርስ ከመሬት ስንት ነው፣ ራስጌውስ ይፈታል ወይ?

እዚህ ላይ ሸዋረገጥ ዓመት ሙሉ ያልሆነችውን ሆነች፤ ተናደደች። ይህች ልጅ ሰው አይደለችም እንዴ አለች ብቻዋን። ስልኩን ፍራሹ ላይ ወርውራ ማድ ቤት ገባች፣ ምንም ሳትሠራ ወጣች። ንዴቱ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሲሄድም ሌላ ነገር ይዞ አልመጣም። ሜትሩን አነሳች። ወርዱ ዘጠና። ከመሬት እስከ ፍራሹ ላይ ስልሳ ሁለት። ራስጌው በብሎን ነው፣ ይፈታል። ይህን ጻፈችና ሳትጠየቅ ቀጠለች፦ «ፍራሹ በግራ በኩል ሰርጉዷል፤ እሱ የሚተኛው በግራ ነበር። እኔ በቀኝ ነኝ። የተነጠፈው ብርድ ልብስ ቀለሙ የአመድ ነው፤ አመድ ግን ከውስጡ ፍም ያለበት አይደለም፣ ያደረ አመድ።» ከላከችው በኋላ ደግማ አነበበችው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለዮርዲም፣ ለንስሐ አባቷም። የተናገረችው መጋረጃ ለምትሰፋ ለማታውቃት ልጅ ነው፤ ያውም በሴንቲ ሜትር።

ናርዲ ሁለት ሥዕል ላከች። በመጀመሪያው አልጋው ወጥቷል፤ ባለሁለቱ ሶፋ በቦታው ገብቷል፤ በርጩማ ተጨምሮ ዘጠኝ ሰው ይቀመጣል። በሁለተኛው አልጋው ከነቦታው አለ። ራስጌና ግርጌው ተፈትቶ፣ እግሩ አሥራ ዘጠኝ ሳንቲ ተቆርጦ፣ ልክ እንደ ሶፋዎቹ አርባ ሦስት ሳንቲ ሆኖ፣ ወርዱ ዘጠና ለመቀመጫ ስለሚበዛ ሠላሳ ሳንቲ የሚወፍር መደገፊያ ትራስ በርዝመቱ ግድግዳውን ተጠግቶ። ሦስት ሰው በደንብ ይቀመጥበታል። ሶፋዎቹ ከፊት ለፊቱ፣ ባለአንዱ በቡፌው በኩል፣ ሁሉም ተደማምሮ ዘጠኝ። ፍራሾቹ ይውጡ፣ ፍሪጁ ከበሩ አይራቅ። ልብሱ ቡናማ አይሁን፣ ሶፋው ከርሞ የጠቆረ ጀንፈል ከሆነና ቤቱ ከሰዓት ከጨለመ ቡናማ ሲጨመርበት ጉድጓድ ይመስላል፤ የቡና ቅጠል አረንጓዴ ይሁን፣ ያውም የበሰለው ሳይሆን አዲስ ያቆጠቆጠው። ከዚያው ጨርቅ ሁለት ትንንሽ ትራስ ሶፋው ላይ ይቀመጥ፣ አለበለዚያ አልጋው ብቻውን ለብሶ ይቀራል። መጋረጃው ከመስኮቱ በላይ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ምስሉ ባለበት ይሁን፤ ስለ ጥብጣቡ ግን እኔ ምንም አልልም፣ እሱ የጨርቅ ሥራ አይደለም አለች።

መጨረሻ ላይ ይህን ጨመረች፦ «የትኛውን እንደሚመርጡ አላውቅም። ግን መጀመሪያ ፎቶውን ባልሰርዘውና ቢመከሩበት ኖሮ ማንም አልጋውን አያውቀውም ነበር። ባለሁለቱን ሶፋ እዚያ ጋ ያድርጉት ይሉዎት ነበር፤ እርስዎም እሺ ብለው ያልፉ ነበር፤ ቤቱም እንዳለ ይቀር ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

እሁድ ዮርዲ ደወለች። ሸዋረገጥ ሰላምታ ሳታበዛ አልጋው ሊቆረጥ እንደሆነ ነገረቻት።

«እማዬ» አለች ዮርዲ፣ «ጋሽ ከፈለ ቤት ይሁን ያልኩሽ በአልጋው ምክንያት እኮ ነው። አንሺው ልልሽ አልቻልኩም። አባዬን አንሺው ማለት መሰለኝ።»

ልጅቱ ታለቅስ ነበር። ሸዋረገጥ ሰማቻት። ያላትን ተናገረች፦ «አይነሳም። አሥራ ዘጠኝ ሳንቲ ነው የሚያጥረው።»

በሳምንቱ ውስጥ የሆነው ሥራ ነው። አናጢ መጥቶ እግሩን ቆረጠ። ጨርቁና ትራሱ ከሄርማታ በሚኒባስ ተጭኖ መጣ፤ ተለክቶ ነበርና ገባ፤ አንድ ሳንቲ እንኳ አልተረፈም አልጎደለም። ሐሙስ ዕለት ሸዋረገጥ ወንበር ላይ ወጥታ ጥብጣቡን ከምስሉ ፈታችው። ወንበር ላይ የወጣችው ለመጋረጃው ነበር። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የመኝታ ቤቱን በር ከፍታ እዚያ ተኛች፤ ጥሩ እንቅልፍ አልነበረም፣ እንቅልፍ ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አምስቱ ሽማግሌዎች ደረሱ። ከፈለ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ቀድሞ መጥቷል፤ ገብቶ ዞር ሲል ዓይኑ ያረፈው ከፍ ብሎ የተሰቀለው መጋረጃ ላይ እንጂ አልጋው ባለበት በቀኙ ግድግዳ ላይ አልነበረም። ዮርዲ ውስጥ ናት። እንደ ወጉ ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም፣ ጉዳይ አለን አሉ፤ እንደ ወጉም ኖር፣ ተቀመጡ ተባሉ። መቀመጫው አንድ በአንድ ተያዘ። የሁሉም ታላቅ የሆኑት አቶ ዋቅጋሪ የሚባሉ የአጋሮ ሰው ናቸው፤ ከዘራቸውን ይዘው መጨረሻ ላይ ቀሩ። የቀረው አረንጓዴው ነው።

ሸዋረገጥ አየቻቸው። ይህን ሰዓት ስታስበው ነበር የሰነበተችው፤ አንድ ነገር ይሰማኛል ብላ። ሽማግሌው በቀስታ ተቀመጡ፤ በግራ በኩል ነው የተቀመጡት፤ መደገፊያውን ገፋ አድርገው ተመቻቹ። ምንም አልሆነም። ቤቱ አልጮኸም፣ እሷም አልጮኸችም። ሽማግሌው ተቀምጠዋል፣ ያ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀና ብለው ቀልደኛ በሆነ ድምፅ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘንድሮ ቡና አወሩ። ጉዳዩን ገለጡ፤ ወንድ ልጅ እንዳላቸው፣ እዚህ ቤት ሴት ልጅ እንዳለች ሰምተው እንደመጡ። ሲጨርሱ ከዘራቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሃል አቁመው ጠየቁ፦

«እንግዲህ የዚህ ቤት አባወራ ማን ነው? መልሱን ከማን እንስማ?»

ሁሉም ወደ ከፈለ ዞረ። ከፈለም ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ለዚህ ነው የለበሰው፣ ለዚህ ነው ከጅማ ድረስ የመጣው። ግን አፉን ሳይከፍት ወደ ሸዋረገጥ አየ። ምን እንዳየባት እሱ ነው የሚያውቀው።

ሸዋረገጥ ቆማ ነበር። የአቶ ዋቅጋሪ አጠገብ ቦታ አለ፤ የቀኙ በኩል። ሄዳ ተቀመጠችበት። ፍራሹ በሥሯ የሚያውቀውን ክብደት ተቀበለ፤ ሽማግሌው ወደ እሷ ትንሽ ዘንበል አሉ፣ ተስተካከሉም።

«ከእኔ ነው» አለች። እጇን አረንጓዴው ጨርቅ ላይ አሳረፈች፤ ሻካራነቱ ተሰማት። «ልጅቱን እንጠይቃለን፣ ዘመድ እንጠይቃለን። ቀጠሯችሁ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ነው። እዚሁ ቤት።»